ስምንት ወር የት ነበርኩ? ቪዲዮዎቹስ ለምን ተቀየሩ? ደጋግማችሁ የጠየቃችሁኝ

ሰላም፣ እንዴት ከረማችሁ? የልብስ ስፌት ትምህርቱ ስምንት ወር ተቋርጦ ነበር፤ አሁን ተመልሷል፣ ግን እንደ ድሮው አይደለም። ለእያንዳንዳችሁ መልስ መስጠት ስላልቻልኩ ደጋግማችሁ የጠየቃችሁኝን ሰብስቤ እዚህ ጻፍኩላችሁ። ስጠፋ ላሰባችሁኝ ሁሉ ከልቤ አመሰግናለሁ፤ መልእክቶቻችሁን አንድ በአንድ አንብቤያቸዋለሁ።

ስምንት ወር ሙሉ የት ጠፋሽ?

ድምፄ ታሞ ነው። መጀመሪያ ጉንፋን መስሎኝ ነበር። ጠዋት ደህና ሆኜ እነሳለሁ፣ ከሰዓት በኋላ ይሻክራል፣ ማታ ላይ ደግሞ ከምናገረው ግማሹ አየር ብቻ ሆኖ ይወጣል። ዝንጅብሉንም ማሩንም ሞከርኩ። ሦስት ሳምንት አልፎት ሳይለቀኝ ሲቀር የጆሮ፣ የአፍንጫና የጉሮሮ ሐኪም ዘንድ ሄድኩ።

በአፍንጫዬ በኩል ቀጭን ካሜራ አስገብተው የድምፅ አውታሮቼን በስክሪን አሳዩኝ። ሁለቱ አውታሮች በሚጋጠሙበት ጠርዝ ላይ፣ መሀል ላይ፣ ፊት ለፊት የተያዩ ሁለት ትንንሽ እብጠቶች አሉ። መቀስ ሲይዝ የሚውል ሰው አውራ ጣቱ ላይ የሚያወጣውን መጅ አስቡት፤ እንደዚያ ነው። ስንናገር አውታሮቹ ይገጥማሉ፣ ይንቀጠቀጣሉ፣ ድምፅ ይወጣል። መሀላቸው ላይ እብጠት ካለ ግን ጥብቅ ብለው አይዘጉም፤ አየር በክፍተቱ ይሾልካል፣ ድምፁም ይሻክራል። ያን ለመሸፈን ይበልጥ ስንታገል እብጠቱ ይብሳል።

ካንሰር ነው ወይ ብላችሁ የፈራችሁልኝ ነበራችሁ፤ አይደለም። እንዲህ ዓይነቱ እብጠት ወደ ካንሰር የሚሄድ ነገር አይደለም። ድምፁ ከሁለት ከሦስት ሳምንት በላይ የሻከረበት ሰው ግን ምክንያቱን በካሜራ ሳይታይ ማወቅ ስለማይችል፣ እባካችሁ እንደኔ ዝንጅብል እየጠጣችሁ ጊዜ አትፍጁ።

ከምን መጣብሽ?

ከቪዲዮው። የሐኪሙ ረዳት፣ የድምፅ ሕክምና ባለሙያዋ፣ እንዴት እንደምቀርጽ ስትጠይቀኝ ነው ነገሩ የገባኝ።

ድሮ እጄን ቀርጬ ስጨርስ ድምፁን ለብቻው ነበር የማስገባው። ቤቱ ውስጥ ጸጥታ የሚኖረው ከእኩለ ሌሊት በኋላ ስለሆነ ቁም ሣጥን ውስጥ ገብቼ፣ ብርድ ልብስ ከላዬ ደርቤ፣ የተኛ ሰው እንዳይነቃ ድምፄን ጫን አድርጌ ይዤ አነብ ነበር። የአሥራ አንድ ደቂቃ ቪዲዮ ለማንበብ ሦስት ሰዓት ይፈጅብኛል፤ አንድ ቃል ከተሳሳተ ከአንቀጹ መጀመሪያ እደግማለሁ። በየመሀሉ ጉሮሮዬን እጠርጋለሁ። በነጋታው ሲሻክርብኝ ደግሞ "ድምፄን ላሳርፍ" ብዬ ቀኑን ሙሉ በሹክሹክታ አወራለሁ።

ሁሉም ስህተት ነበር። ጉሮሮ በጠረግን ቁጥር አውታሮቹ በኃይል ይላተማሉ። ሹክሹክታም ለብዙ ሰው ዕረፍት አይደለም፣ ጉሮሮን አጥብቆ ይዞ መናገር ስለሆነ ያደክማል። ለዓመታት በየሳምንቱ ይህን ስሠራ ነው የኖርኩት። ይህን የምጽፈው አንዳንዶቻችሁ ራሳችሁ ቪዲዮ እንደምትሠሩ ስለማውቅ ነው። የምታነቡበት ቦታና ሰዓት ድምፃችሁን አፍናችሁ እንድትይዙ የሚያስገድድ ከሆነ፣ ማይክ ቀይሩ ከማለቴ በፊት ሰዓቱን ቀይሩ እላችኋለሁ።

ታዲያ ለምን ቀድመሽ አልነገርሽንም?

ይህ ጥያቄ ትክክል ነው፤ ማስተባበያ የለኝም። መጀመሪያ ላይ "የሚቀጥለው ሳምንት እመለሳለሁ" እያልኩ ነበር። እውነትም እንደዚያ ነበር የማስበው። አንድ ወር ሲሞላው ግን አፈርኩ። አንድ ወር ዘግይቶ "ታምሜ ነው" ብሎ መጻፍ ከብዶኝ፣ ተሽሎኝ ከቪዲዮ ጋር ልምጣ አልኩ። ሁለት ወር ሲሆነው ይበልጥ ከበደኝ፤ ዝምታ በቆየ ቁጥር ሰበቡም ትልቅ መሆን ያለበት ይመስላል።

በአምስተኛው ወር ሁለት መስመር ጽፌ ነበር፣ ከአንድ የጨርቅ ፎቶ ጋር። ብዙዎቻችሁ አላያችሁትም። በዚያ ላይ "ትንሽ ታምሜ ነው፣ እመለሳለሁ" ከማለት በቀር ምንም አልነገርኳችሁም። በመጀመሪያው ሳምንት ያንኑ ሁለት መስመር ብጽፈው ኖሮ ማናችሁም አትጨነቁም ነበር። አንዲት ተከታታይ የመጨረሻውን ቪዲዮ እያየች ለልጇ የምረቃ ቀሚስ ጀምራ፣ "የሚቀጥለው ክፍል እጅጌው ነው" ብዬ ስለነበር እየጠበቀችኝ፣ እጅጌ የሌለው ሆኖ ቀረ። ይቅርታ አድርጊልኝ። የሁላችሁም ይቅርታ ያስፈልገኛል።

አሁን ድነሻል?

በጣም ተሽሎኛል፤ አልጨረስኩም። ቀዶ ሕክምና አላስፈለገኝም። እንዲህ ላለው እብጠት መጀመሪያ የሚታዘዘው የድምፅ ልምምድ ነው፦ አተነፋፈስ፣ ከንፈርን እያርገበገቡ ዜማ ማውጣት፣ በትንሽ ቀጭን ቱቦ ውስጥ "ኡ" እያሉ መንፋት፣ ውኃ ቶሎ ቶሎ መጠጣት። ቀላል ይመስላል፣ ግን በየቀኑ ነው፣ ለወራት ነው። ዝም ማለት ብቻውን አይበቃም። ዝም ብላችሁ ከርማችሁ እንደ ድሮው መናገር ስትጀምሩ እብጠቱም ተመልሶ ይመጣል፤ አነጋገሩ ራሱ መቀየር አለበት።

ለቀረጻ የተፈቀደልኝ ጠዋት፣ በመደበኛ ድምፄ፣ ለአጭር ጊዜ ነው። ሦስት ደቂቃ ተናግሬ አሳርፋለሁ። የቪዲዮው መቀየር የሚጀምረው ከዚህ ነው።

አዲሱ ቪዲዮ ምን ዓይነት ነው?

መጀመሪያ ሦስት ደቂቃ ያህል በድምፄ እናገራለሁ፦ ዛሬ ምን እንደምንሰፋ፣ ምን እንደሚያስፈልግ፣ የት ላይ እንደሚከብድ። ከዚያ ዝም እላለሁ። ካሜራው ከላይ ሆኖ እጄንና ማሽኑን ብቻ ያያል። ሙዚቃ የለም። የምትሰሙት መቀሱን፣ ካውያውንና ማሽኑን ነው። መናገር የሚያስፈልገው ቦታ ላይ በጽሑፍ ይመጣል። ርዝመቱ ከሠላሳ እስከ አርባ አምስት ደቂቃ ይሆናል፤ በየሁለት ሳምንቱ ቅዳሜ ይወጣል። በየሳምንቱ መሆኑ ቀርቷል።

ለምን ይህን ያህል ረዘመ? የድሮው አሥር ደቂቃ አይበቃም ነበር?

እኔም ይበቃል ብዬ አምን ነበር። ሐሳቤን ያስቀየረኝ የጉርድ ዚፕ ቪዲዮው ነው። እስቲ በዝርዝር ልንገራችሁ።

የድሮው የዚፕ ቪዲዮ አሥራ አንድ ደቂቃ ነው። ስድስተኛው ደቂቃ ላይ ዚፑን በማሽን ስሰፋ አፍጥኜ አሳይቻለሁ፤ ሠላሳ ሰከንድ ብቻ ነው። ዩቲዩብ ለቻናል ባለቤት የሚያሳየው የቆይታ ግራፍ አለ፤ ሰው እየወጣ ሲሄድ መስመሩ ይወርዳል፣ ተመልሶ ደግሞ ሲያይ ከፍ ይላል። የዚያ ቪዲዮ መስመር ልክ ስድስተኛው ደቂቃ ላይ እንደ ጉብታ ከፍ ይል ነበር። ለረጅም ጊዜ ያ ጉብታ ደስ ይለኝ ነበር፤ የወደዱት ቦታ መስሎኝ። ሳልሠራ በተቀመጥኩበት ጊዜ አስተያየቶቹን እንደገና ሳነብ ነው የገባኝ። "ዚፑ ሁልጊዜ ይወላገድብኛል"፣ "ጨርቁ እንደ ሞገድ ይሆንብኛል"፣ "ያንን ቦታ አሥር ጊዜ አየሁት፣ እጅሽ አይታይም"። ወደውት ሳይሆን ስላልታያቸው ነበር የሚመለሱት።

እኔ ደግሞ ያን ዕለት ዚፑ ተወላግዶብኝ ነበር! ፈትቼ እንደገና ነበር የሰፋሁት። መፍታቱን ቆርጬ አወጣሁትና የተስተካከለውን ብቻ አሳየኋችሁ። የቆረጥኩት ትምህርቱን ነበር።

አዲሱ ቪዲዮ ይኸንኑ ዚፕ ከመጀመሪያው ይሠራዋል። ጉርዱ ከኋላ ሲጋጠም ከዚፑ በታች ያለው በመደበኛ ስፌት፣ ሁለት ነጥብ አምስት ሚሊሜትር አካባቢ፣ ይሰፋል፣ መነሻው ላይም ወደፊትና ወደኋላ ይቆለፋል። ዚፑ የሚገባበት ቦታ ደግሞ ማሽኑ በሚችለው ረጅሙ ስፌት ይያዛል፤ በኋላ የሚፈታ ነው። ከዚያ ትርፉ ግራና ቀኝ ተከፍቶ ይተኮሳል። ዚፑ በፊቱ ይደፋል፣ ጥርሱ ልክ መጋጠሚያው መስመር ላይ ያርፋል፣ በእጅ መርፌ ይያዛል። ከዚያ በኋላ ነው ወደ ማሽን የሚሄደው፣ ለዚፕ በሚሆነው ባለ አንድ ጎን እግር፤ ሁለቱም ጎን ከታች ወደ ላይ። አንዱን ወደ ላይ ሌላውን ወደ ታች ከሰፋችሁት ጨርቁ በሁለት አቅጣጫ ይገፋል፣ ከላይ ሲደርስ ወገቡ እኩል አይገጥምም።

ሞገዱ የሚመጣው ስንሰፋ ጨርቁን ስለምንጎትት ነው። የዚፑ ጠርዝ አይለጠጥም፣ ጨርቁ ይለጠጣል። እየጎተትን ከሰፋነው ተለጥጦ ይያዛል፣ ስንለቀው ደግሞ ትርፍ ሆኖ ይጨማደዳል። በአዲሱ ቪዲዮ አሥራ ዘጠነኛው ደቂቃ ላይ ይህ በራሴ እጅ ሲደርስ ታያላችሁ። ግራ እጄ ከእግሩ ኋላ ሆኖ ጨርቁን ሲስብ ይታያል። ስፌቱን ስጨርስ ጉርዱን ጠረጴዛ ላይ ዘርግቼ ዚፑን ስዘጋው፣ መሀሉ ላይ ሁለት ጉብታ አለ። ከዚያ በስፌት መፍቻ እፈታዋለሁ፣ ሳልቸኩል፣ አራት ደቂቃ ይወስዳል፣ አልቆረጥኩትም። ክሩን ለቅሜ፣ ጨርቁን በእንፋሎት ተኩሼ ወደ ቦታው ከመለስኩ በኋላ ትርፉ ላይ በካውያ የሚለጠፍ ቀጭን ማጠንከሪያ ጨርቅ አስገባሁ። እንደገና ስሰፋ እጄ ከፊት ብቻ ነው ያለው፤ ይመራል፣ አይስብም።

ይህ ሁሉ በአሥር ደቂቃ አይገባም፤ ሞክሬው ነበር። የሚቆረጠው ሁልጊዜ ያ መፍታቱ ነው።

ሙዚቃ ለምን የለም? ዝም ብሎ ይደብራል።

የሚደብራችሁ ካላችሁ የራሳችሁን ሙዚቃ ከፍታችሁ መሥራት ትችላላችሁ። እኔ ግን ማሽኑን እንድትሰሙት ነው የፈለግኩት። ልብስ ሰፊ ማሽኑን በጆሮው ነው የሚያውቀው። ደህና ሲሰፋ እኩል የሆነ ቀጭን ድምፅ አለው። ክሩ ከታች ሲተበተብ ግን ድምፁ ይደፈናል፣ ዱብ ዱብ ማለት ይጀምራል፤ ጨርቁን ገልብጣችሁ ከማየታችሁ በፊት ጆሯችሁ ይነግራችኋል። መርፌው የዚፑን ጥርስ ሲነካ ደግሞ ቀጭ የሚል ደረቅ ድምፅ አለ። ያን ስትሰሙ አትቀጥሉ፤ በእጅ እያዞራችሁ መርፌውን አውጡት፣ አለበለዚያ ይሰበራል። ድሮ በሙዚቃና በራሴ ወሬ ሸፍኜባችሁ ነበር።

ጽሑፉ አይታየኝም። ምን ላድርግ?

ጽሑፉ ከቪዲዮው ጋር የተጣበቀ አይደለም፤ ለብቻው የተጫነ ፋይል ነው። ስልክ ላይ ቪዲዮውን አንዴ ስትነኩት ከላይ `CC` የሚል ምልክት ይወጣል፤ እሱን ንኩት። እንደዚህ ያደረግኩት ማጥፋት የፈለገ እንዲያጠፋው፣ ዓይኑ የደከመ ሰውም ከስልኩ ማስተካከያ ፊደሉን እንዲያተልቀው ነው። ቪዲዮው ላይ የተጻፈ ጽሑፍ ማንም አያተልቀውም።

ራሳችሁ ለመሥራት ለጠየቃችሁኝ፣ ፋይሉ እንዲህ ነው የሚመስለው፦

```
14
00:12:05,000 --> 00:12:11,000
ዚፑን ገና በማሽን አትስፉት፤
መጀመሪያ በእጅ መርፌ ያዙት።
```

ቁጥሩ ተራው ነው፣ ሁለተኛው መስመር ከመቼ እስከ መቼ እንደሚታይ ይናገራል። በማንኛውም የጽሑፍ መጻፊያ ተጽፎ በ `.srt` ስም ይቀመጣል። ሲቀመጥ ኢንኮዲንጉ `UTF-8` ካልሆነ ፊደሉ የማይነበብ ምልክት ሆኖ ይመጣል፤ የመጀመሪያው ሙከራዬ እንዲያ ነው የሆነው። ከሁለት መስመር አላስበልጥም። አንድ ጽሑፍ ስንት ሰከንድ እንደሚቆይ የምወስነው ደግሞ ቀስ ብዬ ሁለት ጊዜ አንብቤው ነው፤ እናንተ እጃችሁ ላይ ጨርቅ ይዛችሁ ነው የምታነቡት።

እናቴ ማንበብ አትችልም። አንቺን እየሰማች ነበር የምትማረው። እሷስ?

በጣም ያሳሰበኝ ጥያቄ ይሄ ነው፤ አንድ ሰው ብቻም አልጠየቀኝም። አዲሱ አሠራር ከሚጎዳቸው ውስጥ የመጀመሪያዎቹ እነዚህ እናቶች ናቸው፣ ዓይናቸው የማያይ ተከታታዮችም አሉ፣ ሥራ እየሠሩ በጆሯቸው ብቻ የሚከታተሉኝም አሉ። ጠፋሁባቸው።

ያደረግኩት ይህን ነው። የመግቢያው ሦስት ደቂቃ በድምፅ የሆነው ለእነሱ ነው፤ የሚከብደውን ቦታ እዚያው አስቀድሜ በቃል እናገራለሁ። ጽሑፉንም ስጽፍ፣ ባይነበብም እጁን አይቶ መከተል እንዲቻል አድርጌ ነው የምቀርጸው። ለምሳሌ "ስድስት ሚሊሜትር ራቁ" ብሎ ከመጻፍ በፊት ሜትሩን ጨርቁ ላይ አድርጌ፣ በጠመኔ አሰምሬ አሳያለሁ። ለማየት ለማይችሉት ግን ይህ አይበቃም፣ አውቃለሁ። ድምፄ ሲጠነክር መግቢያውን አረዝመዋለሁ። የድሮዎቹ ቪዲዮዎች እስከዚያ አሉ።

ለምን ሌላ ሰው አያነብልሽም?

እህቴ ሞክራልኛለች። ጥሩ ድምፅ አላት፣ በደንብም ታነባለች። ችግሩ ስፌት የማትሰፋ መሆኗ ነው። እኔ "አሁን አቁሙ" የምለው መርፌው ጨርቁ ውስጥ ገብቶ ሲቆም ነው፤ እሷ አንድ ሰከንድ ዘግይታ ትለዋለች። እሷን አርሜ፣ አስደግሜ፣ አስተካክዬ ስጨርስ ራሴ ካነበብኩት የበለጠ ተናግሬ ነበር። ማታውን ድምፄ ተመልሶ ሻከረ። በዚያው ተውነው።

ረጅም ከሆነ የምፈልገውን ቦታ እንዴት ላግኝ?

ከቪዲዮው ሥር በክፍል ከፋፍዬዋለሁ፤ ደቂቃውን ስትነኩት ይወስዳችኋል። የዚፑ እንዲህ ነው፦

```
0:00 መግቢያ በድምፅ
3:10 መጋጠምና መተኮስ
9:40 ዚፑን በእጅ መያዝ
15:20 የመጀመሪያው ስፌት
19:00 ሞገዱ ሲመጣ
21:30 መፍታት
25:30 ሁለተኛው ስፌት
```

ራሳችሁ የምትሞክሩት ካላችሁ፦ የመጀመሪያው የግድ `0:00` መሆን አለበት፣ ከሦስት ማነስ የለበትም፣ እያንዳንዱም ክፍል ቢያንስ አሥር ሰከንድ መሆን አለበት። ከነዚህ አንዱ ከጎደለ ክፍሎቹ አይወጡም፣ ምክንያቱንም ማንም አይነግራችሁም።

ቻናሉ ስትጠፊ አልተጎዳም? ገቢውስ?

ተጎድቷል። ዩቲዩብ ስድስት ወርና ከዚያ በላይ ምንም ያልወጣበት ቻናል ላይ ገቢውን ሊዘጋ ይችላል፤ ያ የአምስተኛው ወር ሁለት መስመር ይህንንም አስቤ የጻፍኩት ነው፣ አልደብቃችሁም። ገቢው አልተዘጋም፣ ግን የሚያዩት ሰዎች በጣም ቀንሰዋል። አዲሱ ረጅም ቪዲዮም ቶሎ አያስመልሳቸውም። ከስምንት ደቂቃ በላይ የሆነ ቪዲዮ መሀል ላይ ማስታወቂያ ማስገባት ይቻላል፤ እኔ መሀሉን ዘግቼዋለሁ። እጃችሁ ጨርቁ ላይ፣ መርፌው ዚፑ ጎን እያለ ማስታወቂያ እንዲጮህባችሁ አልፈልግም። ከፊትና ከመጨረሻ ያለው ይበቃኛል።

የድሮዎቹን ቪዲዮዎች ታጠፊያቸዋለሽ?

አላጠፋም። የዚፑ ላይ ብቻ ከሥሩ "ስድስተኛው ደቂቃ ላይ የጎደለ አለ፣ አዲሱን ተመልከቱ" ብዬ ጽፌበታለሁ። ሌሎቹንም እያየሁ የጎደላቸውን እጽፋለሁ።

የመጀመሪያው መቼ ነው? ምን ላዘጋጅ?

በሚመጣው ቅዳሜ ጠዋት የዚፑ ይወጣል። በሁለተኛው ቅዳሜ፣ ሁለት ሳምንት ቆይቶ፣ ያ ያላለቀው እጅጌ ነው። ለዚፑ ሃያ ሴንቲሜትር ዚፕ፣ የማይለጠጥ ጨርቅ፣ የእጅ መርፌ፣ ከጨርቁ ቀለም የተለየ ክር (ለመያዣው ነው፣ ሲፈታ በቀላሉ እንዲታይ)፣ ስፌት መፍቻና ካውያ አዘጋጁ። ማሽናችሁ የዚፕ እግር ከሌለው አስቀድማችሁ ጻፉልኝ፤ ያለሱ እንዴት እንደሚሠራ ቀርጫለሁ፣ የሚጠይቅ ሰው ካለ መጨረሻው ላይ አስገባዋለሁ።